ርዕስን አውጆ ክፍተቱን፣ ዓላማውንና አካሄዱን የማይናገር መግቢያ እንዴት ይገመገማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከምሥራቅና ከምዕራብ ጎጃም እንዲሁም ከአዊ የሚመጡ ተማሪዎችን የጽሕፈት ትምህርት ሳስተምር በየሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ሥራ እሰጣለሁ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የጓደኛውን ሐተታዊ ድርሰት መግቢያ አንብቦ በጽሑፍ ይገመግማል። ከሁሉም ይልቅ የሚያስቸግራቸው ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ቃላቱ ያማሩ፣ ርዕሱም ግልጽ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ምን ሊሠራ እንደተነሣ የማይናገር መግቢያ ነው። ስሕተት ፈልገው ስለማያገኙበት «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ሰፋ ብሏል» ብለው ያልፉታል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚህ ሥራ ላይ ተማሪዎችና አብረውኝ የሚያርሙ መምህራን ደጋግመው ያነሷቸው ናቸው።

ክፍተት፣ ዓላማና አካሄድ ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው?

ክፍተት ስለ ጉዳዩ አስቀድሞ ከሚታወቀውና ከሚባለው ውስጥ ሳይመለስ የቀረ፣ እርስ በርሱ የማይስማማ ወይም ሳይመረመር የታለፈ ነጥብ ነው። ዓላማ ጽሑፉ በዚያ ነጥብ ላይ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ አንድን አባባል ይሞግታል፣ ሁለት ምክንያቶችን ያነጻጽራል፣ ወይም አንድን ነገር ይለያል። አካሄድ ደግሞ ጽሑፉ ወደዚያ ለመድረስ በየትኞቹ ደረጃዎችና በምን ቅደም ተከተል እንደሚያልፍ የሚናገረው ክፍል ነው።

በእንግሊዝኛ የምርምር መጣጥፎችን መግቢያ ያጠናው ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው ሥራ እነዚህን በሦስት እርምጃዎች አስቀምጧቸዋል፤ ጸሐፊው በመጀመሪያ የጉዳዩን ግዛት ያሳያል፣ ቀጥሎ በዚያ ግዛት ውስጥ ያልተያዘ ቦታ ያመለክታል፣ በመጨረሻም ቦታውን ይይዛል። እኛ የምንገመግመው መግቢያ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ሄዶ የቆመውን ነው።

ለእኛ ተማሪዎች ግን ከዚህ ይልቅ ቶሎ የሚገባቸው ከችሎት የተወሰደው «ጭብጥ» የሚለው ቃል ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ዳኛው የሁለቱን ወገኖች ክርክር ከሰማ በኋላ፣ ማስረጃ ከመስማቱ በፊት፣ ተከራካሪዎቹ የማይስማሙበትን ነጥብ ለይቶ ጭብጥ ይይዛል። ጉዳዩ የመሬት ክርክር መሆኑ ብቻውን ጭብጥ አይሆንም፤ ጭብጡ ለምሳሌ «ውሉ በተፈረመበት ቀን ሻጩ መሬቱን ለመሸጥ መብት ነበረው ወይ?» የሚል ይሆናል። ርዕሱን ብቻ የሚያውጅ መግቢያም «ጉዳዩ የመሬት ነው» ብሎ ጭብጥ ሳይዝ ምስክር እንደሚጠራ ችሎት ነው።

እንዲህ ያለ መግቢያ ምን ይመስላል?

የሚከተለውን ለዚህ ማብራሪያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ከምቀበላቸው መግቢያዎች የሚለየው በጣም ጥቂት ነው። በኋላ ለመጥቀስ እንዲመች ዓረፍተ ነገሮቹን በቁጥር ለይቻቸዋለሁ።

«(1) ግብርና የአገራችን ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው። (2) ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ኑሮ ከአፈር ጋር የተሳሰረ ነው። (3) ጎጃም በለም መሬቱና በጤፍ ምርቱ የታወቀ አካባቢ ነው። (4) ሆኖም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የአፈር አሲዳማነት አሳሳቢ ችግር እየሆነ መጥቷል። (5) የአፈር አሲዳማነት ምርትን ይቀንሳል፤ የገበሬውንም ኑሮ ይጎዳል። (6) ለዚህ ችግር የግብርና ኖራን መጠቀም ከመፍትሔዎቹ አንዱ ነው። (7) በመሆኑም ይህ ጽሑፍ ስለ አፈር አሲዳማነትና ስለ ኖራ አጠቃቀም በዝርዝር ያብራራል።»

ከሰባቱ ውስጥ ሐሰት የሆነ ዓረፍተ ነገር የለም። ከሰፊው ወደ ጠባቡ የመውረድ ቅርጽም አለው፤ ከአገር ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ኖራው ይወርዳል። ብዙ ገምጋሚዎችን የሚያዘናጋቸው ይህ ቁልቁለት ነው። መውረዱ የታየው በርዕሱ ስፋት ላይ ብቻ ነው፤ ርዕሱ ጠበበ እንጂ በጠበበው ርዕስ ላይ የቀረበ ጥያቄ የለም።

ዓረፍተ ነገር 4 ችግር መኖሩን ተናግሯል። ይህ ክፍተት አይደለም ወይ?

ይህ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ የሚጠየቀው ነው፤ ግምገማው የሚሳሳተውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ችግርና ክፍተት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ችግሩ ያለው ማሳው ላይ ነው፤ የሚጎዳውም ገበሬውን ነው። ክፍተቱ ያለው ስለ ማሳው በሚባለው ነገር ውስጥ ነው፤ የጎደለው ነገርም የአንባቢው መረዳት ነው። አፈሩ አሲዳማ መሆኑ ችግር ነው። ይህ ችግር ለምን እንደሚፈጠር ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ብዙ ዝናብ በሚዘንብባቸው ደጋማ ቦታዎች ውሃው ካልሲየምንና ማግኒዚየምን ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፣ የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድም አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ኖራ ይህን እንደሚያስተካክልም የታወቀ ነው። እንግዲህ ችግሩ ታውቋል፣ ምክንያቱ ታውቋል፣ መድኃኒቱም ታውቋል። አንባቢው ዓረፍተ ነገር 6 ላይ ሲደርስ መጠየቅ ያለበት «ታዲያ ምን ቀረ?» የሚለውን ነው። መግቢያው ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለው ክፍተት አላሳየም ማለት ነው።

በዚህ ርዕስ ላይ የቀረ ነገር አለ ወይ? አለ። ኖራ በሰፊው ያልተሠራበት የገበሬው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው የሚለውን አባባል እንውሰድ። ይህ አባባል ሠርቶ ማሳያ ላይ ተገኝተው የኖራን ውጤት በዓይናቸው ያዩ ገበሬዎች በቀጣዩ ዓመት ኖራ ሳይገዙ ሲቀሩ ምክንያቱን ሊያስረዳ አይችልም። ክፍተቱ እዚህ አለ፤ ሁሉም የሚቀበለው ማብራሪያ አንድ የሚታይ ነገር ሳያብራራ ቀርቷል። ልብ ሊባል የሚገባው ይህን ለማለት አዲስ የላቦራቶሪ ምርመራ አለማስፈለጉ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የአጎቱን ማሳ አስታውሶ፣ አንድ ሁለት ጽሑፍ አንብቦ ሊደርስበት ይችላል።

ክፍተት ሁልጊዜ «ያልታወቀ ነገር» መሆን እንደሌለበትም መታወቅ አለበት። ስዌልስ ራሱ ሁለተኛውን እርምጃ የሚሠሩ አራት መንገዶችን ዘርዝሯል፤ ያለውን አባባል መቃወም፣ የጎደለውን ማመልከት፣ ጥያቄ ማንሣት፣ ወይም የተጀመረን ሥራ ወደፊት ማስቀጠል። ለተማሪ ድርሰት የመጀመሪያውና ሦስተኛው ይበልጥ የሚመቹ ይመስለኛል፤ «የጎደለውን» ለማመልከት ብዙ ማንበብን ይጠይቃልና።

ጉድለቱ መኖሩን ከስሜት አልፌ በምን ማረጋገጥ እችላለሁ?

ሁለት ፈተናዎችን እጠቀማለሁ፤ ሁለቱም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጁም።

የመጀመሪያው የመተካት ፈተና ነው። ከላይ ባለው መግቢያ ውስጥ «የአፈር አሲዳማነት» በሚለው ቦታ «የአፈር መሸርሸር»፣ «ኖራ» በሚለው ቦታ ደግሞ «እርከን» ብለን እንተካ። ሰባቱም ዓረፍተ ነገሮች ትክክል ሆነው ይቀራሉ፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬም ምንም ስሕተት አያገኝባቸውም። ስለ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እኩል የሚያገለግል መግቢያ ስለ ሁለቱም ምንም የተለየ ነገር አልተናገረም። ክፍተት ያለበት ዓረፍተ ነገር ግን ለመተካት እምቢ ይላል፤ «ሠርቶ ማሳያ ላይ የኖራን ውጤት ያዩ ገበሬዎች ለምን አልገዙም?» የሚለው ጥያቄ ወደ እርከን ሲዛወር ትርጉም ያጣል፤ እርከን በገበሬው ጉልበት የሚሠራ እንጂ በኩንታል የሚገዛ አይደለምና።

ሁለተኛው የመሸፈን ፈተና ነው። ከመግቢያው በታች ያለውን ሁሉ በወረቀት ሸፍኖ፣ የድርሰቱ አካል ምን ምን ንዑስ ርዕሶች እንደሚኖሩት በተራቸው ጽፎ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ወረቀቱን አንሥቶ ማነጻጸር ነው። በክፍል ውስጥ ለሦስት ተማሪዎች ለየብቻ ቢሰጥ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ መግቢያ አንዱ «ምክንያት፣ ጉዳት፣ መፍትሔ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሌላው የኖራ ዓይነቶችንና አጨማመሩን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአዊ በተለይ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ማሳውን ለከሰል ወደሚሆን የዲከረንስ ዛፍ ስለመቀየሩ የሚያወራ ክፍል ይጠብቅ ይሆናል። ሦስቱም ግምቶች ከመግቢያው ጋር ይስማማሉ። አንባቢዎች ሦስት የተለያዩ ድርሰቶችን ከጠበቁ መግቢያው አካሄድ እንዳልሰጣቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ተማሪውም «መምህሩ አልወደደልኝም» ሊል አይችልም።

የመሸፈን ፈተና አንድ ድክመት አለው። ገምጋሚው ጉዳዩን አስቀድሞ በደንብ የሚያውቅ ከሆነ ከመግቢያው ያላገኘውን ከራሱ ይሞላል፤ የግብርና ተማሪ ይህን መግቢያ ሲያነብ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ስለዚህ ፈተናው ለርዕሱ እንግዳ የሆነ ሰው ቢሠራው ይሻላል።

ተማሪው «ዓላማዬ ዓረፍተ ነገር 7 ላይ አለ» ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?

«ስለ … በዝርዝር ያብራራል» የሚለው ሐረግ የዓላማን ልብስ የለበሰ ርዕስ ነው። ለመለየት አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ ጽሑፉ ሲያልቅ ዓላማው መሳካቱን ወይም አለመሳካቱን በምን እናውቃለን? «በዝርዝር ማብራራት» መቼም አይሳካም፣ መቼም አይከሽፍም፤ ስለ ኖራ የተጻፈ ማንኛውም ነገር ያሟላዋል። «ዋናው እንቅፋት የግንዛቤ እጥረት ሳይሆን የጭነቱ ክብደት መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል» የሚለው ግን ሊከሽፍ ይችላል፤ አንባቢው በመጨረሻ «አላሳመንከኝም» ሊል ይችላልና። «ያብራራል»፣ «ይዳስሳል»፣ «ይቃኛል» የሚሉ ግሦች ሲታዩ ገምጋሚው ቆም ብሎ ከግሡ በስተጀርባ ጥያቄ መኖሩን መፈለግ አለበት። ግሦቹ በራሳቸው ስሕተት አይደሉም፤ ከጥያቄ ጋር ከተጣመሩ ያለ ችግር ይሠራሉ።

ዓላማው ጨርሶ የለም ወይስ ሌላ ቦታ ተደብቋል? እንዴት እለያለሁ?

መግቢያን ለብቻው ገምግሞ መጨረስ ትክክል አይመስለኝም። መግቢያውን ካነበቡ በኋላ በቀጥታ ወደ መደምደሚያው መዝለል ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች የሚያስቡትን የሚያገኙት እየጻፉ ስለሆነ እውነተኛው ሐሳባቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ አሥር መስመሮች ውስጥ ነው።

በምሳሌያችን እንቀጥል። የዚህ ድርሰት መደምደሚያ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ገበሬው ስለ ኖራ አያውቅም ማለት አይቻልም። ለአንድ ቃዳ መሬት የሚያስፈልገውን ኖራ ከመንገድ ዳር እስከ ማሳው ማድረስ ግን ከአቅሙ በላይ ነው።» አራተኛው ገጽ ላይ ደግሞ ተማሪው ስሌት አቅርቧል። በሄክታር 30 ኩንታል ኖራ ቢያስፈልግ፣ ለአንድ ቃዳ ማለትም ለሩብ ሄክታር 7 ኩንታል ተኩል ይሆናል፤ ለዚያው ቃዳ በሄክታር 2 ኩንታል ሒሳብ የሚገባው ማዳበሪያ ግን ግማሽ ኩንታል ብቻ ነው። አንዲት አህያ በአንድ ጉዞ ግማሽ ኩንታል ብትጭን ማዳበሪያው በአንድ ጉዞ ሲገባ ኖራው 15 ጉዞ ይጠይቃል። ይህ ስሌት ከሰባቱ የመግቢያ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በላይ ይናገራል፤ ጥያቄም ያነሣል፣ መልስም ይጠቁማል።

እንግዲህ የዚህ ተማሪ ችግር የቦታ ችግር ነው፤ ዓላማ አለው፣ ግን ያስቀመጠው ከበሩ በስተኋላ ነው። እርማቱ ቀላል ነው፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማምጣት። መደምደሚያውም «ስለዚህ የአፈር አሲዳማነት ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ የሚያልቅ ከሆነና በመካከልም ምንም ካልተገኘ ግን ጉድለቱ የመግቢያው ብቻ አይደለም። ተማሪው ገና ጥያቄ አላገኘም። ለእንዲህ ያለው ተማሪ «መግቢያህን አስተካክል» ብሎ መመለስ ድካም ነው፤ የሚያስተካክልበት ነገር የለውም። ከእርሱ ጋር ተቀምጦ ያነበበውንና የሚያውቀውን እያነሡ «ከዚህ ውስጥ የትኛው አላሳመነህም?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሁለቱን ሳይለዩ አንድ ዓይነት አስተያየት መስጠት በእኔ ግምት የገምጋሚ ትልቁ ስሕተት ነው።

ተማሪው «በዚህ ርዕስ ላይ እስካሁን ጥናት አልተደረገም» ብሎ ቢጽፍ ክፍተት አሳይቷል ማለት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ስለ ጎጃም አሲዳማ አፈር ብዙ ተጽፏል፤ ተማሪው ሳይፈልግ የጻፈው አባባል ስለሆነ አንድ አንባቢ በቀላሉ ሊያፈርሰው ይችላል። ሁለተኛ፣ እውነት ቢሆን እንኳ አለመጠናቱ ብቻውን ለማጥናት ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ የሚቀርበው ሌላው መልክ የቦታ ክፍተት ነው፤ «በሜጫ ተጠንቷል፣ በማቻክል ግን አልተጠናም» የሚለው። ይህ ሊሠራ የሚችለው ሁለቱን ወረዳዎች የሚለያያቸው ነገር ለጥያቄው የሚያመጣው ልዩነት ከታየ ብቻ ነው። ጥያቄው የጭነት ጉዳይ ከሆነ የመንገዱ ርቀትና የማሳው ተዳፋትነት ልዩነት ያመጣሉ፤ ጸሐፊው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ካሳየ ክፍተቱ ይቆማል። ካላሳየ የወረዳ ስም ብቻ ቀይሯል።

«ይህ ጽሑፍ በሦስት ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ» የሚለው አካሄድ ይሆናል?

አይሆንም። ሁሉም ድርሰት እነዚህ ክፍሎች አሉት። አካሄድ የሚባለው ክፍሎቹ በጉዳዩ ስም ሲጠሩና ተራቸው ምክንያት ሲኖረው ነው።

ነጥብ እንዴት ልስጥ?

እኔ ለመግቢያ 10 ነጥብ እመድባለሁ፤ ርዕሰ ጉዳዩን ለማስተዋወቅ 2፣ ለክፍተት 3፣ ለዓላማ 3፣ ለአካሄድ 2። ከላይ ያለው መግቢያ ለመጀመሪያው 1 ያገኛል፤ ዓረፍተ ነገር 1 እና 2 ከጉዳዩ በጣም የራቁ ስለሆኑ ሙሉውን አይወስድም። ለክፍተት 0፤ ለዓላማ፣ ቢያንስ አፈሩንና ኖራውን ስላገናኘ፣ 1፤ ለአካሄድ 0። ድምሩ 2 ከ10 ይሆናል። ለተስተካከለ ሰዋስው ብሎ 6 ወይም 7 መስጠት የተለመደ ነው፤ ሰዋስው ግን የራሱ ነጥብ ካለው እዚህ መግባት የለበትም።

አንድ ነገር ግን መጠበቅ ይገባል፤ አንዱን ጉድለት ሁለት ጊዜ አለመቅጣት። የድርሰቱ አካል ስሌቱንና ክርክሩን በሚገባ ካቀረበ ለአካሉ የተመደበው ነጥብ ሙሉ ሊሰጠው ይገባል። «መግቢያው ስላልመራኝ አካሉም አልገባኝም» ብሎ ከሁለቱም መቀነስ የሚያስኬደው አካሉ ራሱ ቅደም ተከተል ሲያጣ ነው።

በጎኑ ምን ብዬ ልጻፍለት?

«ሰፊ ነው»፣ «አጥብብ»፣ «ግልጽ አይደለም» የሚሉት አስተያየቶች ተማሪውን ወደ ተሳሳተ እርማት ይመሩታል። «አጥብብ» የተባለ ተማሪ «ጎጃም» የሚለውን «ማቻክል ወረዳ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ርዕሱ ጠበበ፣ ጥያቄው ግን አሁንም የለም። ይህ በተደጋጋሚ ደርሶብኛል፤ ጥፋቱም የእኔ አስተያየት ነበር።

የሚሻለው የተወሰነ ዓረፍተ ነገርን ጠቅሶ አንባቢው እዚያ ቦታ ላይ ምን እንዳጣ መናገር ነው። ለዚህ መግቢያ እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ዓረፍተ ነገር 6 ላይ ኖራ መፍትሔ መሆኑን ነግረኸኛል። መፍትሔው ከታወቀ ምን እንደቀረ ግን አልነገርከኝም። መልሱን ገጽ 4 ላይ በስሌትህ፣ በመደምደሚያህም በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀምጠኸዋል። እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ወደ መግቢያው አምጣቸው፤ ከዚያ 1 እና 2 የሚያስፈልጉህ መሆን አለመሆናቸውን ራስህ እይ።» ይህ አስተያየት አራት መስመር ያህል ነው፤ ተማሪው ግን የት ሄዶ ምን እንደሚያነሣ ያውቃል።

የተስተካከለው መግቢያ ምን ይመስላል?

«በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ብዙው ዝናብ ካልሲየምንና ማግኒዚየምን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ስንዴና ገብስም ማዳበሪያ እየተደረገላቸው ይቀጭጫሉ። የግብርና ኖራ ይህን እንደሚያስተካክል ከታወቀ ቆይቷል። ገበሬው ኖራን በሰፊው ያልተጠቀመው ጥቅሙን ስላልተረዳ ነው ይባላል፤ ይህ ግን በሠርቶ ማሳያ ላይ ውጤቱን ያዩ ገበሬዎች በቀጣዩ ዓመት ኖራ የማይገዙበትን ምክንያት አያስረዳም። ይህ ጽሑፍ ከመኪና መንገድ በራቁ ማሳዎች ዋናው እንቅፋት የጭነቱ ክብደት መሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። በቅድሚያ ለአንድ ቃዳ የሚያስፈልገውን ኖራ ከማዳበሪያው ጋር ያነጻጽራል፤ ቀጥሎ ጭነቱ ከመንገድ ዳር እስከ ማሳ የሚጠይቀውን ጉልበት ያሰላል፤ በመጨረሻም መጓጓዣው ቢቃለል እንኳ ሊቀር የሚችለውን ሌላ ምክንያት፣ መሬቱን በእኩል ወይም በኪራይ የሚያርስ ሰው ጥቅሙ ለዓመታት በሚዘልቅ ነገር ላይ ገንዘብ ለማውጣት የሚያመነታበትን ሁኔታ ይመረምራል።»

የዓረፍተ ነገሮቹ ቁጥር ከሰባት ወደ አምስት ወርዷል፤ ርዝመቱ ግን ጨምሯል። በመተካት ፈተናው ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ለመተካት እምቢ ይላል፤ የሚፈለገውም ይህ ነው። «ከመኪና መንገድ በራቁ ማሳዎች» የሚለውን ሐረግ የጨመርኩት የ15 ጉዞው ስሌት ከመንገድ ዳር ላለ ማሳ ስለማይሠራ ነው፤ ዓላማ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ መስፋት የለበትም። አሁንም አንድ ደካማ ቦታ አለው፤ «ይባላል» የሚለው ቃል ማን እንዳለው አይናገርም። መግቢያው ላይ ይህ ሊታለፍ ይችላል፤ ነገር ግን አካሉ ውስጥ ቢያንስ አንድ ይህን የሚል ጽሑፍ ካልተጠቀሰ ተማሪው ማንም ያላለውን አባባል ለማፍረስ እንደተነሣ ይቆጠርበታል።

ዓላማን በግልጽ መናገር ከእኛ የአነጋገር ባህል ጋር አይጋጭም ወይ? በቅኔ አገር ወርቁን በመጀመሪያው መስመር ማፍሰስ ያሳፍራል።

ይህን የጠየቀኝ የቅኔ ትምህርት ቀምሶ የመጣ ተማሪ ነበር፤ ጥያቄውም በቁም ነገር ሊመለስ የሚገባው ነው። ቅኔ ሰሚው ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ቅርጹ ራሱ ይነግረዋል። በዓሉም የታወቀ ነው፤ ቅኔው ለማን ወይም ስለ ምን እንደቀረበ መጠየቅ አያስፈልግም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነም ሰሚው ሰሙን ይዞ ወርቁን እስኪያገኝ ድረስ በአእምሮው ሊያመላልሰው ይችላል። ስድስት ገጽ የሚፈጅ ሐተታ አንባቢ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ወርቅ መኖሩን የሚነግረው ምልክት ከሌለ የሚያነበው ሁሉ ሰም ይሆንበታል።

ከዚህ ሌላ፣ ሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች የተደበቀ ነገር አልነበራቸውም። መሸፈንና አለመናገር ይለያያሉ፤ የሚሸፍን ሰው የሚሸፍነው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ታዲያ ከሰፊው መጀመር ምን ክፋት አለው?

ከሥሩ መጀመር ምንም ክፋት የለውም። የአሲዳማነት ጉዳይ ሥሩ ዝናቡና የሚታጠበው ካልሲየም ነው፤ የተስተካከለውም መግቢያ የጀመረው ከዚያ ነው። «ግብርና የኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» የሚለው ግን የዚህ ነገር ሥር አይደለም።

ሦስቱም ሳይጻፉ የቀሩበትን መግቢያ ያለ ቅነሳ የማሳልፍበት ጊዜ አለ?

አለ። ስለ ገጠመኝ የሚተርክ ወይም አንድን ቦታ የሚገልጽ ድርሰት ክፍተትና አካሄድ እንዲያውጅ አይጠየቅም። በፈተና ክፍል በ40 ደቂቃ ለሚጻፍ የሁለት ገጽ ድርሰትም ጥያቄውን ፈታኙ ራሱ ስለሰጠ ክፍተቱ ከወረቀቱ ላይ አለ፤ ከተማሪው የሚጠበቀው አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነው፤ አካሄድም በእንዲህ ያለ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ቦታ ይፈጃል እንጂ አንባቢውን ብዙ አይረዳም። ተማሪው ርዕሱን ራሱ መርጦ በቤቱ ለሁለት ሳምንት ለጻፈው ድርሰት ግን ይህ ምክንያት አይሠራለትም።